7,150 ለ9 አልተካፈለም፤ የተገላበጠው አሃዝ ግን ውስጡ ተደብቆ ሊሆን ይችላል

ጥያቄ፦ «በወሩ መጨረሻ ካሽ ቡካችን 154,365 ይላል፤ የባንክ ስቴትመንቱ 161,515። ልዩነቱ 7,150 ነው። ቲክ እያደረግኩ ሳመሳክር ካሽ ቡኩ ላይ የቀሩት የመጨረሻው ቀን ተቀማጭ 23,400፣ ቼክ 0417 በ12,850 እና ቼክ 0421 በ6,275 ናቸው። ስቴትመንቱ ላይ የቀሩት ከደንበኛ በትራንስፈር የገባ 9,600 እና የአገልግሎት ክፍያ 345። ካለፈው ወር ያልተመነዘረ ቼክ 0409 በ1,900 ነበር፤ እስካሁን ስቴትመንት ላይ አልመጣም፣ ግን ያ ወር ስለተዘጋ አላካተትኩትም። ልዩነት ለ9 ከተካፈለ አሃዝ ተገላብጧል ሲባል ሰምቼ ሞከርኩ፤ አልተካፈለም። ስለዚህ የአጻጻፍ ስህተት የለም ማለት ነው? ቀሪውንስ ከየት ልፈልግ?»

ምላሽ፦

የለም ማለት አይደለም። የሞከሩበት ቁጥር ነው ትክክል ያልሆነው። ለ9 የማካፈል ዘዴ የሚሠራው የተገላበጠው አሃዝ ያመጣው ልዩነት ብቻውን ሲቀር ነው። የእርስዎ 7,150 ግን የብዙ ነገር ድምር ነው፦ ባንክ ያልደረሰ ተቀማጭ፣ ያልተመነዘሩ ቼኮች፣ መዝገብዎ ያላወቀው ትራንስፈር፣ የአገልግሎት ክፍያ። አንድ ትክክለኛ የ9 ብዜት ከእነዚህ ጋር ሲደባለቅ ፈተናው አይታይም። በተቃራኒውም ምንም አሃዝ ሳይገላበጥ ድብልቁ በአጋጣሚ ለ9 ሊካፈል ይችላል፤ በዘፈቀደ ከሚመጡ ልዩነቶች ከዘጠኙ አንዱ ገደማ ይካፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ የታወቀውን ሁሉ ማውጣት፣ ፈተናውን በተረፈው ላይ ማድረግ።

እርስዎ ራስዎ ያገኟቸውን እንጠቀም። ባንኩ ያላያቸው በባንኩ በኩል ይስተካከላሉ፤ መዝገቡ ያላያቸው በመዝገቡ በኩል።

በባንክ በኩል፦ 161,515 + 23,400 − 12,850 − 6,275 = 165,790
በመዝገብ በኩል፦ 154,365 + 9,600 − 345 = 163,620

ልዩነቱ ከ7,150 ወደ 2,170 ወረደ። አሃዞቹ ሲደመሩ 10 ስለሚሆኑ (2+1+7+0) 2,170ም ለ9 አይካፈልም። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ግን አንድ የታወቀ ነገር ገና አልወጣም፤ ቼክ 0409።

ወሩ መዘጋቱ ቼኩን አይመነዝረውም። ቼኩ ሲጻፍ መዝገብዎ 1,900 ቀንሷል፤ ባንኩ የሚቀንሰው ተቀባዩ ይዞት ሲቀርብ ነው። እስኪቀርብ ድረስ በየወሩ ማስታረቂያ ላይ ያልተመነዘረ ተብሎ ይሻገራል። ያለፈው ወር ማስታረቂያ የዚህ ወር የመጀመሪያ ገጽ ነው ብለው ይያዙት፦ እዚያ ላይ የተዘረዘረ እያንዳንዱ ነገር ወይ በዚህ ወር ስቴትመንት ላይ ይታያል፣ ወይ ወደዚህ ወር ዝርዝር ይሻገራል። ሦስተኛ መንገድ የለውም። (ቼኩ ብዙ ወር ከቆየ ተቀባዩን ደውሎ መጠየቅ ነው፤ ዝም ብሎ ወደ ገቢ መመለስ አይገባም፣ ዕዳው አለና።)

በባንክ በኩል፦ 165,790 − 1,900 = 163,890
በመዝገብ በኩል፦ 163,620
የተረፈው፦ 270

አሁን ፈተናው ትርጉም አለው። 270 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ድርሻው 30 ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። 63ን 36 ብለው ሲጽፉ 6ቱ ከአሥር ቤት ወደ አንድ ቤት ወረደ፣ 3ቱ ደግሞ ወጣ። አንድ አሃዝ ከአሥር ቤት ወደ አንድ ቤት ሲወርድ የራሱን ዘጠኝ እጥፍ ያጣል፤ ሲወጣ የራሱን ዘጠኝ እጥፍ ያገኛል። ስለዚህ ጠቅላላ ልዩነቱ የሁለቱ አሃዞች ልዩነት በ9 ሲባዛ ነው፤ (6−3) × 9 = 27። አንድ ቤት ወደ ግራ ከተሻገረ 270፣ ሌላ ከተሻገረ 2,700 ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም «ተገላብጧል» ከማለት ያልፋል፤ ድርሻው የት እንደሚፈልጉም ይነግርዎታል። ድርሻው 3 ቢሆን ኖሮ የተለዋወጡት አሥር ቤትና አንድ ቤት ናቸው። የእርስዎ 30 ስለሆነ መቶ ቤትና አሥር ቤት ናቸው፣ በመካከላቸውም የ3 ልዩነት አለ። 300 ቢሆን ሺህ ቤትና መቶ ቤት ይሆኑ ነበር። ሳንቲም ያለበት ሲሆን ነጥቡን አንስተው በሳንቲም ይቁጠሩ፤ የ0.27 ልዩነት 27 ሳንቲም ነው፣ ፈተናውም በ27 ላይ ይደረጋል።

አቅጣጫውም ይረዳል፤ ብዙ ሰው ይህን አይጠቀምበትም። መዝገብዎ ከባንኩ በ270 አነሰ። መዝገብ የሚያንሰው ወይ ወጪ ከመጠኑ በልጦ ሲጻፍ ነው፣ ወይ ገቢ ከመጠኑ አንሶ ሲጻፍ። ስለዚህ በወጪ ዓምድ የሚፈልጉት መቶ ቤቱ ከአሥር ቤቱ በ3 የሚበልጥ ቁጥር ነው፤ በመቶ ቤትና በአሥር ቤት ላይ 30፣ 41፣ 52፣ 63፣ 74፣ 85 ወይም 96 የሚነበብበት። በገቢ ዓምድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 03፣ 14፣ 25፣ 36፣ 47፣ 58 ወይም 69። ሁለት መቶ መስመር ያለው ወር ቢሆን እንኳ ይህን የሚያሟላው ጥቂት ነው። ከስቴትመንቱ ጋር በአሃዝ በአሃዝ የሚያወዳድሩት እነዚያን ብቻ ነው።

ሌላ አንድ ነገር የ270 ልዩነት ያመጣል፤ የነጥብ መንሸራተት። 30ን 300 ብሎ መጻፍ ልዩነቱ 270 ነው፣ እሱም ለ9 ይካፈላል። በዚህ ጊዜ ድርሻው ራሱ ትንሿን ቁጥር ይሰጥዎታል፤ 30። ስለዚህ በወጪ 300፣ በገቢ 30 የሚል መስመር ካለ እሱንም ይዩ። ነጥብ ሁለት ቤት ሲንሸራተት፣ ለምሳሌ 45.00 የሚለው 4,500 ሲሆን፣ ልዩነቱ ለ99 ይካፈላል፤ 270 ለ99 ስለማይካፈል ይህኛውን ሊተዉት ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ነገር አለ። 270 የሚል አንድ መስመር በየትኛውም ወገን ሳይመሳከር ቀርቶ እንደሆነ ይዩ። ከዚያ ግማሹን፣ 135ን፣ ይፈልጉ። አንድ ገቢ በስህተት ወጪ ዓምድ ላይ ከተጻፈ ልዩነቱ የመጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ሊጨመር የሚገባው ተቀንሷልና። እነዚህ ሁለቱ ካልተገኙ ነው ወደ አሃዝ ፍለጋው የሚገቡት።

አሁን እርስዎ ቲክ ሲያደርጉ ለምን እንዳለፈዎት። በግምት የሚያመሳክሩት በቼክ ቁጥር ይመስለኛል። ለምሳሌ ካሽ ቡኩ ላይ ቼክ 0413 በ4,630 ተጽፎ፣ ስቴትመንቱ ላይ 0413 በ4,360 ቢወጣ፣ ቁጥሩ ስለገጠመ እጅዎ ቲክ ያደርጋል። አሃዞቹም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቦታቸው ብቻ ነው የተለያየው፤ ዓይን 4፣ 6፣ 3፣ 0 መኖራቸውን አይቶ ያልፋል። መድኃኒቱ ቲክ የሚደረግበትን መስፈርት መቀየር ነው። መጀመሪያ መጠኑ እስከ ሳንቲሙ መግጠም አለበት፣ ከዚያ አቅጣጫው (ገቢ ወይም ወጪ)፣ የቼክ ቁጥር ወይም ማጣቀሻው በመጨረሻ። በወረቀት የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ስቴትመንቱን «አራት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዜሮ» እያለ በአሃዝ ያንብብ። «አራት ሺህ ሦስት መቶ...» ተብሎ ሲነበብ ሰሚው የሚጠብቀውን ይሰማል።

አቅጣጫ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስቴትመንቱ የተጻፈው ከባንኩ ወገን ሆኖ ነው። የእርስዎ ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ስለሆነ፣ ከሂሳብዎ የወጣው እዚያ ዴቢት ነው፣ የገባው ክሬዲት። በእርስዎ መዝገብ ላይ ግን ገቢው ዴቢት፣ ወጪው ክሬዲት ነው። ዴቢትን ከዴቢት ጋር ማመሳከር የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢለፋ አይገጥምለትም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። መስፈርቱን ወደ መጠን ሲቀይሩ የተገላበጠው ቼክ ሁለት የማይገጥሙ መስመሮች ሆኖ ይቀራል፤ ካሽ ቡኩ ላይ 4,630፣ ስቴትመንቱ ላይ 4,360። ያልጠረጠረ ሰው የመጀመሪያውን «ያልተመነዘረ ቼክ»፣ ሁለተኛውን «ያልተመዘገበ የባንክ ወጪ» ብሎ ይዘረዝራቸዋል። ምን እንደሚመጣ ይዩ፦

በባንክ በኩል፦ 163,890 − 4,630 = 159,260
በመዝገብ በኩል፦ 163,620 − 4,360 = 159,260

ገጠመ! ማስታረቂያው ተፈረመ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ነገር ግን ትክክለኛው ቀሪ 163,890 ነው፤ አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ስለተቀነሰ መዝገቡ በ4,630 አንሷል። ሁለቱ ወገኖች እኩል መሆናቸው ማስታረቂያው ትክክል መሆኑን የማያረጋግጠው ለዚህ ነው። ስህተቱ የሚጋለጠው ከወራት በኋላ ነው፤ 0413 በየወሩ «ያልተመነዘረ» እየተባለ ይሻገራል፣ ባንኩ ግን ከፍሎ ጨርሶታል፣ በፍጹም አይመጣም። ስለዚህ ያልተመሳከሩትን ከመሰየምዎ በፊት የሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ በግራ ያለው ማንኛውም ቁጥር በቀኝ ካለ ቁጥር ጋር ሲቀናነስ ለ9 ይካፈላል? ከተካፈለና አሃዞቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ምናልባት አንድ ክፍያ ነው፣ ሁለት አይደለም።

ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ በኤክሴል ይሠራል። ካሽ ቡኩን Book፣ ስቴትመንቱን Bank በሚባሉ ሁለት ሺቶች ላይ ያስቀምጡ። በሁለቱም ላይ A ቀን፣ B የቼክ ቁጥር ወይም ማጣቀሻ፣ C መጠን ይሁን፤ ገቢ በፖዘቲቭ፣ ወጪ በኔጋቲቭ። በሁለቱም ሺት D2 ላይ ይህን ጽፈው ወደ ታች ይጎትቱ፦

```
=TEXT(C2,"0.00")&"|"&COUNTIF(C$2:C2,C2)
```

COUNTIF የገባበት ምክንያት አንድ ዓይነት መጠን በወሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ያለ እሱ በመዝገብ ላይ ሁለት ጊዜ የተጻፈ 500 ስቴትመንቱ ላይ ካለው አንድ 500 ጋር ሁለቱም «ገጠመ» ይባላሉ፣ ድርብ ምዝገባውም ይሰወራል። እዚህ ግን አንደኛው 500 ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር ብቻ ይገናኛል። ቀጥሎ Book ላይ E2፦

```
=IF(ISNUMBER(MATCH(D2,Bank!D:D,0)),"","X")
```

Bank ላይ ደግሞ Bank! የሚለውን በ Book! ይተኩ። X የወጣባቸው ብቻ ያልተመሳከሩ ናቸው። X ካወጡት ውስጥ አንዱን ከ Book፣ አንዱን ከ Bank ወስደው (ለምሳሌ G2 እና H2 ላይ አስቀምጠው) ለመፈተን፦

```
=MOD(ROUND((G2-H2)*100,0),9)=0
```

TRUE ካለ አሃዞቹን በዓይን ያወዳድሩ። በ100 ማባዛቱ ሳንቲሙን ለማካተት ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ፎርሙላው ሳይሆን ከባንክ የወረደው ፋይል ነው። መጠኖቹ ቁጥር መስለው ጽሑፍ ሆነው ይመጣሉ፣ ከኋላ ባዶ ቦታ አለባቸው፣ ድምራቸውም ዜሮ ይሆናል። =COUNT(C:C) የሚሰጠው ከመስመሮቹ ብዛት ካነሰ ችግሩ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ይቀይሯቸው። ሁለተኛው ችግር በአንድ ቀን የገቡ ሦስት ደረሰኞች በአንድ ማስገቢያ ቅጽ ባንክ ሲገቡ ስቴትመንቱ ላይ አንድ መስመር መሆናቸው ነው። ፎርሙላው አራቱንም X ይላቸዋል። ይህን የሚፈታው የማስገቢያው ቅጽ ነው፤ የሦስቱን ድምር ካሽ ቡክ ላይ በአንድ መስመር አድርገው መዝግበው ዝርዝሩን በአባሪ ቢይዙ ከዚያ በኋላ አያስቸግርም።

የተገላበጠውን ሲያገኙ ስቴትመንቱ ትክክል ነው ብለው ወዲያው መዝገቡን አይቀይሩ። የቼኩን ጉርድ፣ ቫውቸሩንና የአቅራቢውን ደረሰኝ አውጡ። በምሳሌያችን ሦስት ነገር ሊገጥምዎ ይችላል። ደረሰኙም ቼኩም 4,360 ከሆኑ የተሳሳተው ጸሐፊው ብቻ ነው። ደረሰኙ 4,630፣ ቼኩ ግን 4,360 ተብሎ ከተጻፈ ባንኩ የታዘዘውን ነው የከፈለው፤ መዝገቡ ወደ 4,360 ይስተካከላል፣ ለአቅራቢው ግን 270 ይቀርብዎታል። ቼኩ ራሱ 4,630 ሆኖ ባንኩ 4,360 ከቀነሰ ስህተቱ የባንኩ ነው። በዚህ ጊዜ መዝገብዎን አይንኩ፤ 270ውን በባንክ በኩል ቀንሰው ሁለቱን በ163,620 ያስታርቁ፣ ለባንኩም የቼኩን ቅጂ አያይዘው በጽሑፍ ያሳውቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁኔታዎች የሚጻፈው አንድ ዓይነት ነው፦ ባንክ ዴቢት 270፣ አቅራቢው ክሬዲት 270። የድሮውን ቁጥር ደምስሶ በላዩ ላይ መጻፍ አይገባም፤ የማስተካከያ ምዝገባው የቼኩን ቁጥርና የመጀመሪያውን ምዝገባ ቀን ጠቅሶ ለብቻው ይቁም። የ9,600 ትራንስፈር ባንክ ዴቢት፣ ደንበኛው ክሬዲት ይሆናል። የ345 የአገልግሎት ክፍያ የባንክ ወጪ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት። ተቀማጩ 23,400 እና ሦስቱ ቼኮች ግን መዝገብ ላይ አንዴ ስለተጻፉ ዳግም አይጻፉም፤ የሚኖሩት ማስታረቂያው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ከሦስቱ ምዝገባ በኋላ ካሽ ቡክዎ 163,890 ማንበብ አለበት።

የአሃዝ ፍለጋው ምንም ካላመጣ፣ መስመሮቹ ሁሉ ገጥመው 270ው ካልጠፋ፣ ስህተቱ መስመር ላይ ሳይሆን ድምር ላይ ነው። የካሽ ቡኩን ገቢና ወጪ ዓምድ ከመነሻው እንደገና ይደምሩ፤ በተለይ ከገጽ ወደ ገጽ የተሻገረውን ድምርና የወሩን መነሻ ቀሪ ይዩ። የመነሻ ቀሪው ያለፈው ወር ካሽ ቡክ ከተዘጋበት ቁጥር ጋር በአሃዝ በአሃዝ መግጠም አለበት። አሃዝ ሲሻገርም ይገላበጣል፣ ያ ሲሆን ደግሞ የትኛውም ቼክ ላይ አይገኝም።